«በቂ ጊዜ» በሚል ውል ላይ መልቀቂያ ስታስገቢ ስንት ቀን ትጽፊያለሽ?

«ሰላም ጋሼ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ነው የምሰራው፣ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ባሕር ዳር የተሻለ ስራ አግኝቼ የካቲት 2 ጀምሪ ብለውኛል። ውሌ ላይ ስለመልቀቅ ያለው "ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ በቂ ጊዜ ሰጥቶ ያሳውቃል" የሚል ብቻ ነው። ኤችአሯ ከዓመት በላይ ስለሰራሽ ሕጉ ሁለት ወር ነው ትለኛለች፣ ጓደኞቼ ደሞ 15 ቀን ይበቃል ይላሉ፣ ማናጀሩማ ጥምቀት ሳያልፍ ማንም አይለቅም ብሎ ዘጋው። ደብዳቤው ላይ ስንት ቀን ብዬ ልጻፍ? መቼስ ላስገባው?»

እህቴ፣ 30 ቀን ብለሽ ጻፊ። ሐሙስ ታኅሣሥ 23 አስገቢው፣ የመጨረሻ የሥራ ቀንሽ ቅዳሜ ጥር 23 ይሆናል። በቃ አጭሩ መልስ ይሄ ነው፣ ግን ኤችአሯ ፊት ቆመሽ «ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው» ስትባዪ የምትመልሺው እንዲኖርሽ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፣ እኔም ብዙ ዓመት ፐርሶኔል ቢሮ ቁጭ ብዬ እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ስቀበል የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ከጠረጴዛው በዚያኛው በኩል ምን እንደሚታሰብ ትንሽ አውቃለሁ።

ውል ላይ «በቂ ጊዜ» ተብሎ ሲጻፍ ብዙ አሠሪ የሚመስለው በቂ የሚሆነውን እሱ ሲፈልግ የሚወስነው ነው። እንደዛ አደለም። ውሉ ቁጥር ካላስቀመጠ ክፍተቱን የሚሞላው ሕጉ ነው፣ ያንቺ ዓይነቱን የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚገዛው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። እዛ ውስጥ አንቀጽ 31ን ተመልከቺ፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ነው የሚለው። ሦስት ዓመት ሠራ፣ አሥር ዓመት ሠራ ብሎ አይለያይም። አንድ ዓመት ከስድስት ወር የሠራውም ሃያ ዓመት የሠራውም በራሱ ፈቃድ ሲለቅ 30 ቀን ነው።

ታዲያ ኤችአሯ ሁለት ወር የምትለውን ከየት አመጣችው? ዝም ብላ አልፈጠረችውም፣ አንቀጽ 35ን አንብባ ነው። እዛ ላይ አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር የሚል ደረጃ አለ፣ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ሦስት ወር። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሲሆን በዚህ ስሌት ሁለት ወር ይመጣል፣ ልክ ነች፣ ችግሩ ግን ያ ደረጃ አሠሪው ሠራተኛውን ሲያሰናብት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ መሆኑ ነው። ድርጅቱ አንቺን ቢያስወጣሽ ሁለት ወር ይሰጥሻል፣ አንቺ ስትወጪ ግን 30 ቀን ትሰጫለሽ። እኩል መሆን አለበት ብሎ ማሰብ ደስ የሚል ነገር ነው ግን ሕጉ እኩል አላደረገውም፣ ምክንያቱም ሥራ የሚያጣው ሰውዬ አዲስ እስኪያገኝ የሚያስፈልገው ጊዜና ሆቴሉ ሌላ ሪሴፕሽን እስኪቀጥር የሚያስፈልገው ጊዜ አንድ ስላልሆነ። ይሄን ስህተት በጣም ብዙ ሰው ነው የሚሠራው፣ ስለዚህ ኤችአሯ ልትጎዳሽ ነው ብለሽ አትነሺባት፣ አዋጁን ስልክሽ ላይ ከፍተሽ ሁለቱን አንቀጾች ጎን ለጎን አሳያት፣ ማን ለማን እንደሚሰጥ የሚለውን ብቻ እንድታነብ።

የጓደኞችሽ 15 ቀን ደግሞ አዋጁ ውስጥ የለም። የነሱ ውል ላይ 15 የሚል ተጽፎ ከሆነ ለነሱ ይሆናል፣ ላንቺ ግን ያንቺ ውል ዝም ስላለ አይሠራም፣ አሠሪሽ ፈቅዶ በጽሑፍ ካላሳጠረልሽ በስተቀር። ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ መውጣት የሚቻለው ሙከራ ላይ ላለ ሰው ነው፣ ሙከራ ደሞ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፣ አንቺ ከዛ ከወጣሽ ቆየሽ። (ስድብ፣ ትንኮሳ፣ ደመወዝ ደጋግሞ አለመክፈል ካለ ሳይጠብቁ መልቀቂያ ሌላ መንገድ አለ፣ አንቺ ግን እንደዛ አላልሽም።)

ከማስገባትሽ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጪ። ውልሽ ላይ ቁጥር የለም ማለት ሌላ ወረቀት ላይ የለም ማለት አደለም። የሆቴሉ የሥራ ደንብ ካለ፣ ማኅበር ኖሮ የኅብረት ስምምነት ካለ፣ ስትቀጠሪ ከውሉ ጋር የፈረምሽው አባሪ ካለ እዛ ውስጥ ፈልጊ። ከ30 በታች ካገኘሽ ተጠቀሚበት። ከ30 በላይ ካገኘሽ፣ ለምሳሌ የሆቴሉ ደንብ ላይ «60 ቀን» የሚል ቢወጣ፣ አትደንግጪ። አዋጁ የሥራ ውል ከሕጉ ያነሰ ጥቅም ለሠራተኛው እንዳያስቀምጥ ይላል፣ እና በ30 ቀን መልቀቅ የምትችል ሰው 60 ቀን እንድትታሰር ማድረግ ለኔ በግልጽ ያነሰ ጥቅም ነው፣ እኔ ብሆን 30 ብዬ ነው የማስገባው። ይሄ የኔ አቋም ነው፣ ክርክር አያስነሳም አልልሽም፣ ውልሽ ላይ እንደዚህ ዓይነት ቁጥር በግልጽ ካገኘሽ ግን ከማስገባትሽ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ አሳዪ። ሌላው፣ ውልሽ «ላልተወሰነ ጊዜ» መሆኑን እዪ፣ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው እዛ ላይ ስለ ማስጠንቀቂያ የተስማማችሁት ነው።

እሺ አሁን ወደ ቆጠራው እንምጣ፣ እውነት ለመናገር ሰው የሚሳሳተው 30 የሚለው ላይ አደለም፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው የሚለው ላይ ነው።

ማስጠንቀቂያ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከጻፍሽው ቀን ጀምሮ አደለም፣ በትክክል ከሰጠሽበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። ታኅሣሥ 20 ብለሽ ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ይዘሽ ዞረሽ ታኅሣሥ 25 ብትሰጪ ቆጠራው 25ን ነው የሚከተለው። ከዛ በኋላ ያሉት 30ዎቹ ቀናት ደግሞ ተከታታይ ቀናት ናቸው፣ እሁዱም በዓሉም ይቆጠራል። ይሄን እንዴት እናውቃለን ካልሽኝ አዋጁ የሥራ ቀን ማለት ሲፈልግ «የሥራ ቀን» ይላል፣ የሙከራው 60 የሥራ ቀን ነው፣ የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ መልቀቂያው ላይ ግን 30 ቀን ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ አንዳንድ ኤችአር «30 የሥራ ቀን» ብሎ ወደ አንድ ወር ከሳምንት ሲያስረዝመው አትቀበዪ።

ያንቺን እንቁጠረው። ባሕር ዳር የምትጀምሪው የካቲት 2 ሰኞ ነው። 30ኛው ቀን ከየካቲት 1 እሁድ ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ወደኋላ ስትቆጥሪ የመጀመሪያው ቀን ቢዘገይ ቢዘገይ ጥር 2 ቅዳሜ ነው፣ እሱም ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው ከተባለ፣ ደብዳቤው ደግሞ ጥር 1 አርብ መግባት አለበት። አርብ ሰጥተሽ ኤችአሯ «ቢሯችን ቅዳሜ ዝግ ነው» ካለች ግን የመጀመሪያው ቀን ሰኞ ጥር 4 ይሆናል፣ 30ኛው የካቲት 3 ላይ ይወድቃል፣ አዲሱን ሥራ በጀመርሽ በማግሥቱ እዚህም ሠራተኛ ነሽ ማለት ነው። በአንድ ቀን እንደዚህ የምትበላሺበት ነገር ላይ እስከ መጨረሻው ቀን መጠበቅ ምን ይሉታል።

ገናም አለ። ገና ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ነው፣ ታኅሣሥ 28 ማክሰኞ ብትሰጪ በማግሥቱ በዓል ስለሆነ ቆጠራው ሐሙስ ታኅሣሥ 30 ይጀምራል። ሆቴል ደግሞ በበዓልም ይሠራል፣ አንቺ ምናልባት ገናን ሺፍት ትገቢያለሽ፣ «ለኔ የሥራ ቀን ነበር» ብለሽ ልትከራከሪ ትችያለሽ ግን ለምን ትከራከሪያለሽ? ለዛ ነው ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ያልኩሽ። በማግሥቱ አርብ ታኅሣሥ 24 በየትኛውም አቆጣጠር የሥራ ቀን ነው፣ የቢሮው ሠራተኛም የሺፍቱም ሠራተኛ የሚገባበት። ከ24 እስከ 30 ሰባት ቀን፣ ከጥር 1 እስከ ጥር 23 ሃያ ሦስት ቀን፣ ድምሩ 30። ጥር 23 ቅዳሜ ነው። ከዛ እስከ የካቲት 2 ስምንት ቀን ይተርፍሻል፣ ለክሊራንስ፣ ለቤት ፍለጋ፣ ለዕቃ መጫኛ። እንደ ዘዴ ያዢው፣ መልቀቂያ ሁልጊዜ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ውስጥ፣ በማግሥቱ በዓል በሌለበት ቀን አስገቢ፣ የመጀመሪያው ቀን መቼ ነው የሚለው ጭቅጭቅ ከነጭራሹ አይነሳም።

«አንድ ወር» የሚለውን ቃል ደብዳቤሽ ላይ አትጠቀሚ። በኛ አቆጣጠር ወር ሁሌ 30 ቀን ስለሆነ ምንም ልዩነት የለውም ትዪ ይሆናል፣ ግን ሆቴሎች ደመወዝና ሺፍት በፈረንጅ ካላንደር የሚሠሩ አሉ፣ ታኅሣሥ 23 በነሱ ጃንዋሪ 1 ነው፣ አንዱ ወሩ ጃንዋሪ 31 ያልቃል ሲል ሌላው ፌብሩዋሪ 1 ነው ይልሻል። ነሐሴ ላይ የሚለቅ ሰው ደግሞ ጳጉሜን ያገኘዋል፣ ነሐሴ 15 ሰጥቶ በማግሥቱ ቢጀመርለት 30 ቀኑ ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት መስከረም 10 ያልቃል፣ «ወር» ያለ ሰው ግን እስከ መስከረም 15 ሊጠየቅ ይችላል። ቀን ቆጥረሽ የመጨረሻውን ቀን ከነዓመተ ምሕረቱ ጻፊ፣ ሆቴሉ በፈረንጅ የሚሠራ ከሆነ ጎኑ ላይ ጃንዋሪ 31 ቀን 2026 ብለሽ ጨምሪ።

ማናጀሩ ስለ ጥምቀት ያለው ነገር ደግሞ ግማሹ ይገባኛል። ጎንደር ላይ ጥር 10 እና 11 ሪሴፕሽን መሆን ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ነሽ ለኔ የምትነግሪኝ፣ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ አልጋ ተይዞ ያለቀው ከወራት በፊት ነው፣ ያኔ ሰው ቢያጣ ሰውዬው ያብዳል። ግን «ማንም አይለቅም» የሚል ሕግ የለም፣ የሥራ መብዛት ማስጠንቀቂያውን አያራዝመውም። ደስ የሚለው ያንቺ ቀን ቆጠራ ችግሩን ራሱ ፈቶታል፣ ጥምቀት ሰኞ ጥር 11 ነው፣ አንቺ እስከ ጥር 23 አለሽ። ደብዳቤውን ስትሰጪው መጀመሪያ የምትነግሪው ይሄን ነው፣ «ጥምቀትን ሠርቼ ከዛም ወደ ሁለት ሳምንት የሚጠጋ ለሚተካኝ ሰው አስለምጄ ነው የምሄደው» በዪው። ጥር 1 ብትሰጪው ኖሮ ግን ከጥምቀት በፊት የሚቀረው አሥር ቀን ብቻ ስለሆነ በዛ ትርምስ መሀል አዲስ ሰው መፈለግ ይከብደው ነበር፣ አሁን ግን ከገና በፊት ያውቃል።

ደብዳቤውን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ በጣም አጥብቄ ነው የምነግርሽ። እኛ አገር መልቀቂያ የሚጻፈው እንደ ማመልከቻ ነው፣ «ከሥራ እንድሰናበት እንዲፈቀድልኝ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ» ተብሎ። ጨዋነቱ ደስ ይላል፣ ችግሩ ፈቃድ የጠየቀን ሰው መከልከል ይቻላል። ስንት ሰው ነው ሁለት ወር ቆይቶ «ማመልከቻሽ ገና እየታየ ነው» የተባለ፣ ወይ ደሞ «አልተፈቀደም» ተብሎ ጠርዙ ላይ ተጽፎ የተመለሰለት። አንቺ የምትጽፊው ማሳወቂያ ነው። ማንም ማጽደቅ አያስፈልገውም፣ ከደረሳቸው ጊዜው መቆጠር ጀመረ። እንዲህ አድርጊው፦

ቀን፦ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሆቴሉ አስተዳደር
ጉዳዩ፦ ሥራ የምለቅ መሆኔን ስለማሳወቅ

ከነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሆቴሉ በእንግዳ ተቀባይነት እየሠራሁ መሆኔ ይታወቃል። በግል ምክንያት ሥራዬን የምለቅ መሆኔን በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት በዚህ ደብዳቤ አሳውቃለሁ። የ30 ቀኑ ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ ከታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚቆጠር ሲሆን የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል። እስከዚያው ድረስ ሥራዬን እንደወትሮው እያከናወንኩ በእጄ ያለውን ለሚተካኝ ሠራተኛ አስረክባለሁ። ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ክፍያን ጨምሮ ቀሪ ክፍያዬና የሥራ ልምድ ማስረጃዬ እንዲዘጋጅልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስም፣ ፊርማ።

በአክብሮት እጠይቃለሁ የሚለው የት እንደገባ አየሽ፣ ለክፍያውና ለወረቀቱ ነው፣ ለመልቀቁ አደለም። «በግል ምክንያት» ይበቃል፣ ባሕር ዳር የት እንደምትሄጂ፣ ስንት እንደሚከፍሉሽ አትጻፊ። «በቅርቡ»፣ «በሚመች ጊዜ»፣ «ተተኪ እስኪገኝ ድረስ» የሚሉትን ደግሞ ከነጭራሹ አታስገቢ፣ በተለይ የመጨረሻውን፣ ለማናጀሩ ደስ ይለዋል ብለሽ የጻፍሽው ዓረፍተ ነገር ነገ ተተኪ አላገኘሁም ብሎ የሚያሳይሽ ወረቀት ይሆናል። ውልሽ ላይ «በቂ ጊዜ» ስለሚል ከፈለግሽ «በውሌ አንቀጽ እዚህ ላይ የተጠቀሰው በቂ ጊዜ በሕጉ የተቀመጠው 30 ቀን መሆኑን በመረዳት» የሚል ሐረግ ልትጨምሪ ትችያለሽ፣ እኔ ግን አልጨምርም ነበር፣ ጭቅጭቁን ራስሽ ጀምረሽ ለምን ትሰጫቸዋለሽ፣ አንቀጽ 31 መጠቀሱ በቂ ነው።

ሁለት ኮፒ አትሚ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ወይ ለኤችአሯ ትሰጫለሽ፣ ሁለተኛው ላይ «ደርሶኛል» ብላ ስሟን ፊርማዋን ቀኑን ትጽፍልሻለች፣ ማኅተም ካላቸው ይምቱበት። ያቺ ኮፒ ከሌለችሽ እስካሁን ያወራነው ቆጠራ ሁሉ ወሬ ነው፣ ምክንያቱም ቆጠራው ከሰጠሽበት ቀን ነው የሚነሳው፣ የሰጠሽበትን ቀን ደግሞ ማሳየት ያለብሽ አንቺ ነሽ። «አልቀበልም፣ ማናጀሩ ይምጣ» ብትልሽ አትጣዪ፣ አዋጁ ለአሠሪው ወይ ለወኪሉ መስጠት ወይ ቢሮው ማድረስ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ቢሮው ውስጥ ሰው ባለበት አስቀምጪው፣ አብሮሽ ያለ አንድ ሁለት የሥራ ባልደረባ ይመስክር፣ የዛኑ ቀን በሪኮማንዴ ፖስታ ቤት ላኪው ደረሰኙን ያዢ፣ ማናጀሩ የሚጠቀምበት ኢሜይል ወይ ቴሌግራም ላይም ፎቶውን ላኪ ስክሪንሾቱን አስቀምጪ። ቴሌግራም ብቻውን ግን አይበቃኝም እላለሁ፣ «አላየሁትም» ማለት ቀላል ነው።

በዚህ መሀል ሦስት ዓይነት ነገር ሊገጥምሽ ይችላል። አንደኛው ማናጀሩ ተናዶ «እንግዲያው ዛሬውኑ ውጪ» ቢልሽ፣ ዝም ብለሽ ቦርሳሽን አንስተሽ አትውጪ። በማስጠንቀቂያው ጊዜ ውስጥ ውሉ አልተቋረጠም፣ የሁለታችሁም ግዴታ እንዳለ ነው፣ አንቺ ትሠሪያለሽ እሱ ይከፍላል። ሥራ እንዳትገቢ ከፈለገ በጽሑፍ ይስጥሽ፣ እስከ ጥር 23 ያለው ደመወዝ እንደሚከፈልም ይጻፍበት፣ ካልሆነ ነገ «ጥላ ጠፋች» ብሎ ከሥራ የቀረሽበትን ቀን መቁጠር ይጀምራል። ሺፍትሽ ላይ ተገኚ፣ ከመለሱሽ ማን እንደመለሰሽ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፊ።

ሁለተኛው፣ የቀረሽን የዓመት ፈቃድ ከ30ው ላይ ቀንሰሽ ቀደም ብለሽ ለመውጣት ልትፈልጊ ትችያለሽ። በራስሽ አትቀንሺ። ከተስማሙና በወረቀት ከፈረሙ ጥሩ፣ ካልተስማሙ ያልተጠቀምሽበት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈልሻል። ለጥምቀት ሰሞን ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ቀልድ ነው፣ አይሰጡሽም ልክም ናቸው።

ሦስተኛው «ጥለሽ ከሄድሽ ሁለት ወር ደመወዝ ትከፍያለሽ፣ አንድ ሳንቲም አታገኚም» የሚል ማስፈራሪያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሳይጠብቅ የወጣ ሠራተኛ ካሣ ይከፍላል፣ እውነት ነው፣ ግን አዋጁ ጣሪያ አበጅቶለታል፣ ከሠራተኛው የ30 ቀን ደመወዝ አይበልጥም፣ የሚነሳውም ከቀሪ ክፍያው ላይ ነው። ደመወዝሽ 9,000 ብር ነው እንበል፣ ከፍተኛው የምትጠየቂው 9,000 ነው፣ 18,000 አደለም። ይሄን የምነግርሽ ጥለሽ ሂጂ ለማለት አደለም፣ 30 ቀኑን እስከጨረስሽ ድረስ ደግሞ ጉዳዩ ያንቺ ራሱ አይሆንም። ሕጉ ራሱ የመልቀቂያን ሚዛን በ30 ቀን እንደሰፈረው ግን ከዚህም ይታያል፣ ኤችአሯ ሁለት ወር ላይ ሙጭጭ ካለች ይሄንንም አሳያት።

የመጨረሻው ደመወዝ፣ የፈቃድ ክፍያው ምናምን ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ከጥር 23 ቅዳሜ በኋላ ሰኞ ጥር 25ን አንድ ብለሽ ቁጠሪ፣ ቅዳሜን ቢሯቸው የሥራ ቀን ካላደረገው የካቲት 3 ማክሰኞ ድረስ ነው፣ ቅዳሜም ከተቆጠረ የካቲት 2። አንቺ ያኔ ባሕር ዳር ስለሆንሽ የባንክ ቁጥርሽ በእጃቸው መኖሩን እዪ። አሠሪው ይሄን ጊዜ ማራዘም የሚችለው አንቺ በራስሽ ጥፋት የሆቴሉን ንብረት ሳትመልሺ ከዘገየሽ ነው፣ ስለዚህ ዩኒፎርሙን፣ ቁልፎቹን፣ በእጅሽ ያለውን ካሽ፣ የሲስተሙን ፓስወርድ ጥር 23 ሳይመሽ በዝርዝር ጽፈሽ አስፈርመሽ አስረክቢ። ሪሴፕሽን ላይ የሠራ ሰው ላይ ሁሌ የሚወጣው የካሽ ጉድለት ነው፣ የመጨረሻውን ሺፍትሽን ካሽ ከሚረከብሽ ሰው ጋር ቆጥራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ይሄ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታ አለ እሱንም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያንቺን አይቶ የሚቆጥር ሌላ አንባቢ ይኖራል። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የሚገዛው ሌላ ሕግ ነው። የሥራ መሪ የሚባለውም ከዚህ አዋጅ ውጪ ነው፣ ሠራተኛ የሚቀጥር፣ የሚያሰናብት፣ የሚያዛውር፣ በድርጅቱ ስም የሚወስን ሰው ማለት ነው። እዚህ ላይ ስም አያታልላችሁ፣ «ሪሴፕሽን ሱፐርቫይዘር» ተብሎ ባጅ የተለጠፈበት ሁሉ የሥራ መሪ አይሆንም፣ የሚታየው ሥልጣኑ ነው፣ ሺፍት ማውጣት ሰው መቅጠር አደለም።

ሆቴሉ ለሥልጠና ልኮሽ «ይሄን ያህል ዓመት አገለግላለሁ» ብለሽ የፈረምሽው ወረቀት ካለ ግን እሱ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው፣ 30 ቀን ሰጠሁ ማለት እሱን አያጠፋውም፣ ፋይልሽ ውስጥ መኖሩን ከታኅሣሥ 23 በፊት ጠይቀሽ እዪው። ኤችአሯ አዋጁን ካሳየሻትም በኋላ ሁለት ወር ብላ ከጸናች ደግሞ ጎንደር ከተማ አስተዳደር ላይ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚይዝ ባለሙያ አለ፣ «ደርሶኛል» የተባለባትን ኮፒና ውልሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ይደውሉና እዛው ያልቃል። እስከዛው ደብዳቤውን አታንሺ፣ «አውጪውና ተነጋግረን እናስተካክል» ቢሉሽም፣ ካነሳሽው ቆጠራው ከዜሮ ነው የሚጀምረው።